ለእምቢታው የጻፍነው ምስጋና

አባቴ ፉሪ ውስጥ ለሽምግልና ያልተላከበት ቤት ጥቂት ነው። ልጅ ሊጠይቅ ሄዶ «እንምከርበት» ተብሎ ሲመለስ ፊቱ አይጠቁርም። ጨዋ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ልጁን አይሰጥም፤ እንግዳውን አክብሮና አመስግኖ ለሌላ ቀን ይቀጥረዋል። የእኔ ጣጣ የመጣው የፋብሪካ ኢሜልም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ ስለመሰለው ነው።

በምግብ ሳይንስ ተመርቄ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ከርሜያለሁ። በሰበታ መንገድ ያለ አንድ የፈረንጆች የመጠጥ ፋብሪካ ለጥራት ቁጥጥር ክፍል ቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ መልሱን እንጠብቃለን። እናቴ በበኩሏ ከአንዲት ደላላ ጋር ተነጋግራ ፓስፖርቴን አስወጥታለች። ፋብሪካው ከተቀበለኝ እቀራለሁ፤ ካልተቀበለኝ ዐረብ አገር የሰው ቤት ልጠርግ እሄዳለሁ። አባቴ ሁለተኛውን ነገር ስሙን እንኳን መስማት አይፈልግም ነበር።

ኢሜሉ የገባው ከአባቴ ጋር ድንች ስንቆፍር ነው። በእጄ ላይ ያለውን አፈር ጠርጌ ስልኬን ከፈትኩ። እንግሊዞች «በሚያሳዝን ሁኔታ» የሚሏትን ቃል ከሩቅ አውቃታለሁ፤ እሷን ካየሁ የቀረውን ማንበብ ድካም ነው። አባቴ ግን ቁፋሮውን አቁሞ «አንብቢልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ» አለ።

አላስቀረሁም። «ወደ ድርጅታችን ስላመለከትሽ እናመሰግናለን። ለቃለ መጠይቁ ስለሰጠሽን ጊዜም እናመሰግናለን። ዕውቀትሽን አድንቀናል። በሚያሳዝን ሁኔታ፣ በጥንቃቄ ካጤንን በኋላ ለቦታው ሌላ አመልካች መርጠናል። ማመልከቻሽን በፋይል እናቆየዋለን፤ የሚስማማሽ ቦታ ሲገኝ እናነጋግርሻለን። መልካሙን ሁሉ እንመኝልሻለን።»

የአባቴ ፊት ፈካ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ይሄ እኮ እምቢታ አይደለም!»

«አባባ፣ ሌላ ሰው ወስደዋል።»

«ለዚያኛው ቦታ ነዋ! እምቢ የሚል ሰው ሁለቴ ያመሰግናል? ፋይልሽን ካቆዩት ቀጥረውሻል። ኢንተላ ኮ፣ ዛሬውኑ መልስ ስጫቸው። ተቆጥቶ የወጣ ሽማግሌ ተመልሶ አይገባም። መጀመሪያ ገለቶማ በያቸው።»

ልጄ ሲለኝም አመስግኚ ሲለኝም በኦሮምኛ ከሆነ ነገሩ ከልቡ ነው፤ አይነቃነቅም። ለሁሉም ሰው እንደዚሁ እንደሚጽፉ ብነግረው አልሰማኝም። እኔ መጻፍ የፈለግኩት «ካደነቃችሁኝ ለምን አልወሰዳችሁኝም?» የሚል ነበር። አባቴ ልጆቻቸው እንዲያድጉ፣ ቤታቸው እንዲባረክ፣ ከብታቸው እንዲረባ መመረቅ ጀመረ። ከብቱን አስቀረሁት። በእንግሊዝኛ የላክሁትን በአማርኛ መልሼ አነበብኩለት፦ «ውሳኔያችሁን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ባልመረጥም ከእናንተ ጋር መነጋገሬ ጠቅሞኛል። ወደፊት ክፍት ቦታ ሲኖር ብታስታውሱኝ ደስ ይለኛል። ለእናንተና ለቤተሰባችሁ መልካሙን እመኛለሁ።»

«ምነው አጠረ?» አለ።

«ፈረንጅ ረጅም ምርቃት አይወድም።»

ከዚያ በኋላ ደላላዋ በደወለች ቁጥር አባቴ «ቀጠሮ አለን» ይላታል። እናቴ ከንፈሯን ትመጥጣለች። እኔም ሞኝነቱ ተጋብቶብኝ ስልኬን ቶሎ ቶሎ ማየት ጀመርኩ።

መልሱ መጣ። የጻፈችው ቃለ መጠይቁን ያደረገችልኝ፣ ከአማርኛ «እሺ»ን ብቻ የምታውቅ የውጭ አገር ሴት ናት። አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩለት። «ካልተመረጡት ሁሉ የምስጋና መልስ የጻፍሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ በከንቱ እንድትጠብቂ አልፈልግም። ፋብሪካው ከእንግዲህ አዲስ ሰው አይቀጥርም፤ ያሉትንም እየቀነሰ ነው። እኔም ወሩ ሲያልቅ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ፋይልሽን የሚከፍተው ሰው አይኖርም። ሌላ ዕድል ካለሽ አያምልጥሽ።»

አባቴ ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢታውን ሰማ። እንዳልዋሸሁት እያወቀ፣ የማለሰልሰው ነገር ይኖር እንደሆነ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ምን ላለስልስ?

«ጨዋ ሴት ናት» አለ በመጨረሻ። «ቁርጡን ነገረችን። አመስግኚያት።»

አመሰገንኳት፤ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ስለማጠሩ አልተከራከረኝም። ሴትዮዋ «ሌላ ዕድል» ያለችው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ እኛ ቤት ያለው አንድ ብቻ ነበር። አባቴ እኔን ሳያይ ወደ እናቴ ዞረ።

«ደላላዋ ጋ ደውዪ» አላት።

ይህችን ቃል ስትለምነው የከረመችው እናቴ ስልኩን አንስታ እንደያዘች ቀረች። እንባዋ ዓይኗን ጋርዶት ቁጥሩን ማየት አልቻለችም። ፈልጌ የደወልኩላት እኔ ነኝ።