«ከደ» እና «ከዳ»

«ለአንቺማ ምን ይከብድሻል! ትግርኛና አማርኛ አንድ አይደሉም እንዴ?» ያሉኝን ሰዎች ሁሉ ዛሬም ባገኛቸው አልምራቸውም። ከትግራይ ገጠር ነርስ ሆኜ ሚዛን ተፈሪ ስመደብ ያላለኝ ሰው የለም። አስተማሪዬ አለኝ፤ አጎቴ አለኝ፤ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር አለኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ አመንኩ።

አንድ አይደሉም። ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። መመሳሰላቸው ነው ጉድ የሠራኝ።

ገና በመጣሁ ሳምንት ገበያ ወጥቼ ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ፊት ቆምኩና «ሎሚ ሙዝ የለም?» አልኳት። በኛ ቋንቋ ሎሚ ማለት ዛሬ ነው። ሴትዮዋ «ሎሚም አለ፣ ሙዝም አለ፣ የቱን ልስጥሽ?» አለችኝ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ደግሞ በዐቢይ ጾም «ቤትሽ ሥጋ ትበያለሽ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ኧረ እኔ ሥጋ ገድፌያለሁ!» ብዬ ኮራሁባቸው። ትቻለሁ ማለቴ ነበር። እሳቸው የሰሙት ጾሜን በሥጋ መሻሬን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን በግማሽ አፋቸው ነበር የሚመልሱት። የዋርዱን ጽዳት ሠራተኛ ደግሞ በሽተኛ ሲያስመልሰው «ሕጂ! ሕጂ!» ብዬ ጠራኋት፤ አሁን ቶሎ በይ ማለቴ ነው። እሷ «ሂጂ» ያልኳት መስሏት ባልዲዋን ጥላ ወጣች። ይቅርታ ብዬ ብዬ ነው የታረቀችኝ።

አብራኝ የምትሠራ ሸኮኛ ተናጋሪ ነርስ ነበረች። አማርኛዋ ይሰናከላል፤ ወንዱን ሴት ታደርጋለች፣ አንዱን ብዙ። እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ግን ገብታ አታውቅም። የእሷ ቋንቋ ከአማርኛ ስለሚርቅ የማታውቀው ቃል ላይ ትቆማለች፣ ትጠይቃለች። እኔ የምቆምበት ምክንያት አልነበረኝም። ቃሉ ምላሴ ላይ አለ፤ አማርኛም ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ያልፋል። ትርጉሙ ሌላ መሆኑን የሚነግረኝ የሰው ፊት ብቻ ነው።

ሲስቁብኝ ሲውሉ አንድ ደብተር ገዛሁና መጻፍ ጀመርኩ። በግራ የኔ ቃል፣ በቀኝ የአማርኛው ትርጉም። ሎሚ፣ ዛሬ። ገደፈ፣ ተወ። «ጫማ አደግኩ» ብዬ «እግርሽ ነው ያደገው?» ብለው ሻይ ቤት ሙሉ የሳቁብኝም ገባ፤ ዓደገ በትግርኛ ገዛ ማለት ነው፣ ገዛ ደግሞ በትግርኛ ቤት ነው። ደብተሩ ሲሞላ ደስ አለኝ፤ ዳንኩ ብዬ አሰብኩ። ምን ዋጋ አለው! ደብተሬ ሰው የሳቀብኝን ብቻ ነበር የያዘው። ማንም ያልሳቀበት ቃል የት ይግባ?

ያን ጊዜ ከሸዋ ቤንች አካባቢ የመጣች አንዲት ሴት ተኝታ ነበር። ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ወር ሙሉ ደም ፈሷት ፊቷ አመድ መስሏል። ሐኪሙ በማግስቱ ኦፕራሲዮን ሊያደርጋት ወስኗል፤ ግን ደም ካልተገኘ ቢላ አላነሳም ብሏል። የባሏ ደም ለእሷ አልሆነም። ባልየው በጠዋት ወደኔ መጣና «ሲስተር፣ ወንድሜ ቴፒ ቡና ልማት ውስጥ ነው የሚሠራው። የሱ ደም ከእሷ ጋር አንድ ነው። ሄጄ ይዤው እመጣለሁ። ተኝታለች፣ ስትነቃ ንገሪያት» አለኝና ሮጠ። ስልክ የለው፣ ምን የለው።

ስትነቃ ግሉኮስ እየቀየርኩላት ነበር። ከወዲያ ማዶ ሌላ በሽተኛ ይጣራል። እሷ ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ «ባሌስ?» አለችኝ።

«ከደ፤ በጠዋት» አልኳት። ሌላው በሽተኛ ደግሞ ጮኸ፤ ወደሱ ሮጥኩ።

ከደ በትግርኛ ሄደ ነው። ሄደ የሚለውን አማርኛ አላውቀውም? አሳምሬ አውቀዋለሁ! ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኜ ነግቶብኝ ነበር፤ ሲደክመኝ የእናቴ ቋንቋ ነው የሚቀድመኝ። ያቺ ሴት ደግሞ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፤ የሰማችውን ቃል እንደሰማችው ነው የምትወስደው።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም ተመልሼ ስመጣ አልጋው ባዶ ነው። የግሉኮሱ ቱቦ ተነቅሎ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። አጠገቧ የተኙትን፣ ከጅማ የመጡ አንዲት እናት ጠየቅኳቸው።

«ምን ትጠይቂኛለሽ፣ አንቺ ልጅ? ባልሽ ከዳ አልሻት። አለቀሰች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ወጣች።»

«ኧረ ሄደ ነው ያልኳት!»

«ከዳ ነው ያልሻት። ጆሮ አለኝ።»

«ታዲያ እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

«ነርሷ ነሽ። እውነት ነው ብዬ!»

ክው አልኩ። ወደ ተረኛ ኃላፊያችን ሮጬ ስነግራት ምን ያደረገች ይመስላችኋል? ሳቀች። «ትግርኛሽ አመለጠሽ!» ብላ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። ደሜ ፈላ። «ሴትዮዋ መንገድ ላይ ደሟ ያልቃል፣ አንቺ ትስቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት፤ ሳትፈቅድልኝም ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን ስሰድብ ነበር። ምላሴን በቆረጠው!

መናኸሪያው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ወደ ሸዋ ቤንች የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ትጠብቃለች። ቀሚሷ ከታች ረጥቧል። ፊቷ ተንበረከክኩ።

«እናቴ፣ ተሳስቼ ነው። ባልሽ ሄደ ማለቴ ነው። ቴፒ ወንድሙን ሊያመጣ።»

«ከዳ አልሽኝ።»

«በኔ ቋንቋ ከደ ማለት ሄደ ማለት ነው።»

«በአማርኛ ነው ያወራሽኝ» አለች።

እውነቷን ነው። ስታለቅስ ስላየኋት አዝኜላት ቃሉን የቀየርኩት ነው የመሰላት። እናቷ ቤት ገብታ ልትሞት ነበር የምትሄደው፤ እንዲህ በግልጽ ነገረችኝ። «ልጅ አልወለድኩለትም። አሁን ደግሞ ማህፀኔን ሊያወጡት ነው። ይከዳኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንቺ ነገርሽኝ» አለችኝ። ያ የተሳሳተ ቃሌ የምትፈራው ቦታ ላይ ነው የገባው።

«እሺ፣ አትመኚኝ» አልኳት። «እስከ ማታ ብቻ ጠብቂ። ካልመጣ እኔ ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ።» አመነችኝ ልበል? አላመነችኝም። ልትነሳ ስትል እግሯ ከዳት፤ ተሸክሜ ባጃጅ ውስጥ ያስገባኋት መቆም ስላቃታት ነው።

ባልየው ከምሳ በኋላ ከነወንድሙ ደረሰ። ሁለቱም ጭቃ በጭቃ። ወንድምየው በቀጥታ ደም ሊሰጥ ገባ። ባልየው ነገሩን ሲሰማ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «እኔን? እንዴት አመንሽ?» አላት።

«ሲስተር ናት የነገረችኝ» አለችው።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ባልየው ዘወር ብሎ አየኝና የሚስቱን እጅ ያዘ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ዕጢው ወጣ፣ ማህፀኗም ወጣ፣ እሷ ተረፈች።

የዚያኑ ቀን ደብተሬን ቀደድኩትና በሌላ ደብተር ከባዶ ጀመርኩ። በሳቅ የሚሞላ ዝርዝር አይረባም። በየቀኑ የምጠቀምባቸውን የትግርኛ ቃላት አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ መሄድ፣ መምጣት፣ መግዛት፣ ማደግ፣ መተው፣ መጠየቅ። ከዚያ ጽዳት ሠራተኛዋን አስቀምጬ «ይህን ስል አንቺ ምን ትሰሚያለሽ?» እያልኩ ጠየቅኳት። ያንን የባልዲ ነገር አልረሳችውም፤ በደስታ ነበር የምታርመኝ። ቃል ብቻ አልጻፍኩም፤ ያልኩት፣ ማለት የፈለግኩት፣ የተሰማው፣ ማለት የነበረብኝ፣ ሁሉም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ። ተያይዘው የሚመጡትን አብሬ አሰርኳቸው፤ ዓደገ መግዛት፣ ገዛ ቤት፣ ዓበየ ማደግ፤ አንዱን ለይተህ ካጠናኸው ሌላው ይጥልሃል።

ከሁሉም በላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ የተሳሳተው ትርጉም እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስኬዳል ወይ? «ጫማ አደግኩ» አያስኬድም፤ ሰው ይስቃል፣ ይጠይቃል፣ ትታረማለህ። «ባልሽ ከዳ» ያስኬዳል። ማንም አይጠይቅም። እነዚህን በቀይ ጻፍኳቸው፤ በየጠዋቱ ተራ ከመግባቴ በፊት ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ እል ነበር። «ባልሽ ሄዷል። ይመለሳል።» ኃላፊያችን «ጸሎት ያዝሽ እንዴ?» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ!

ሴትዮዋ ከሆስፒታል የወጣች ቀን የመድኃኒቷን አወሳሰድ ላስረዳት ሄድኩ። ቀስ ብዬ፣ ቃል እየመረጥኩ ነገርኳት። ታየኛለች፣ አትመልስም። ወደ ባሏ ዞራ በቤንችኛ ትነግረዋለች፣ እሱ በአማርኛ ይነግረኛል። አማርኛ እንደምትችል እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

«አመሰግናለሁ ትላለች» አለኝ።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። «ራሷ ትበለኛ! በአማርኛ ራሷ ትበለኝ» አልኩ።

ጠየቃት። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አለችው። እሱ መሬት መሬት እያየ ተረጎመልኝ።

«እኔ የምለውን አንቺ ምን ብለሽ እንደምትሰሚው አላውቅም ትላለች።»