ለአራት ነጥብ የቀረበ አባት

የፈተና ማረሚያው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። መጋረጃው በነፋስ ይነፋና መልሶ ይረግባል፣ ወረቀት ይገለበጣል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ ጫማዋን ከጠረጴዛ ስር አውልቃ እግሯን ታሳርፋለች። ጫማዋን ያወለቀችው የታሪክ መምህርቷ ናት። ተማሪዎቿ በሌለችበት «ግማሽ» ይሏታል፤ ሙሉ ነጥብ ከእጇ አይወጣም ለማለት ነው። ቅጽል ስሙን ታውቀዋለች፤ እንዲያውም በልቧ ትኮራበታለች።

በዚያን ቀን ግን የመምህርቷ ልብ ከአዳራሹ ወጥቶ ሄዶ ነበር። ጥያቄ ሰባት ላይ ስትደርስ የአባቷን ድምፅ ሰማች።

ጥያቄ ሰባት አጭር መልስ ነው። ከአንድ የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋዜጣ የተወሰደ ቁራጭ ጽሑፍ ቀርቧል። ከበላዩ «በአስተዳደሩ ፈቃድ፣ ለሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የሚታተም» ይላል፤ ከግርጌው «አዘጋጁ» ከማለት በቀር ስም የለም።

«ትናንት ማታ በማቅለሚያ ክፍላችን ቀላል አደጋ ደርሶ ነበር። የተጎዳ ሠራተኛ የለም። ሥራችን ሳይቋረጥ ቀጥሏል። የሌሊቱ ፈረቃ ደወል አልተደወለም። በበሩ ላይ የቆሙት ሴቶች እስኪነጋ አልተንቀሳቀሱም።»

ተማሪው ይህን የመጀመሪያ ደረጃ የታሪክ ምንጭ በጸሐፊው፣ በዓላማው፣ በአንባቢውና በተአማኒነቱ መዝኖ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ፣ በድምሩ አራት።

አዘጋጁ አባቷ ነበር። ፊደል የለየችውም በዚህችው ቁራጭ ነው። አባቷ የጋዜጣውን ቅጂዎች በሙሉ ያስቀምጥ ነበር፤ ማታ ማታ ጭኑ ላይ ያስቀምጣትና ጣቱን ከፊደሎቹ ስር እያስኬደ ያስነብባታል። ጣቱ የማተሚያ ቀለም ይሸታል። መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ «ይህቺን ድገሚያት» ይላታል። ትደግማታለች። «እስቲ አንዴ ደግሞ» ይላታል። አስቸጋሪ ፊደላት ስላሉባት ነው ብላ ነበር ልጅቷ፤ ካደገችም በኋላ ሌላ ምክንያት አልፈለገችለትም።

አሁን ያ ጣት በፈተና ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይታያታል። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ አገር ያላወቃቸው ተማሪዎች ግን ተራ በተራ እየተነሱ ይፈርዱበታል። አንዱ «ጸሐፊው የፋብሪካው ተቀጣሪ ስለሆነ የጌታውን ጥቅም ይጠብቃል» ይላል። ሌላዋ «ዓላማው ቤተሰብ እንዳይደነግጥ ማረጋጋት ነው፤ ስለዚህ ስለ ጉዳተኞች የሚለው አያስተማምንም» ትላለች። መምህርቷ ለጸሐፊው፣ ለዓላማውና ለአንባቢው ነጥብ ትሰጥና ተአማኒነቱ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ይቆማል። አባቴ እኮ በሕይወቱ አልዋሸኝም! ዜሮ ትጽፋለች። «በቦታው የነበረ ሰው ስለሆነ ይታመናል» ብሎ የመጣውን ግን በደስታ ታሳልፈዋለች። እንዲህ እያለች አንድ ሙሉ እሽግ አረመች፤ እጇ ያርማል፣ እሷ በአባቷ ጭን ላይ ናት።

የቡድን መሪዋ የአራሚዎቹን ሥራ በየመሃሉ እያነሳች የምታመሳክር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ከመምህርቷ ጋር አብረው ተምረዋል። እሽጉን አገላብጣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስሚ፣ ምን ነካሽ? ‹አይታመንም› ያለውን ሁሉ ጥለሽዋል።»

«ሰውየውን ሳያውቁት ውሸታም ይሉታል!»

«‹ውሸታም› ብቻ ብሎ የሄደውን ጣይው፣ ስድብ ነው፤ ነጥብ የለውም። ይህቺ ግን ምክንያቷን ከጽሑፉ አውጥታለች። መመሪያው ምን ይላል? ይታመናል ቢልም አይታመንም ቢልም ከምንጩ ማስረጃ ካመጣ ይሰጠው። ይሄ ደግሞ፣ ‹በቦታው ነበረ› ብሎ ዝም። ከየት አመጣው? ጽሑፉ ላይ የታል?»

መምህርቷ ጽሑፉን አየችው። «በቦታው ነበርኩ» የሚል ቃል የለበትም። እሷ ናት የጨመረችው።

«አንቺ ራስሽ ሌላውን በግማሽ ነጥብ ስታንቀጠቅጪ የኖርሽ ሴት!» አለች መሪዋ፣ ሳቅ ብላ። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ሰውየውን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አባቴ ነው።»

መሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ በቀሚሷ ጠረገችው። «ነፍሱን ይማረው» አለች በዝግታ። «ታዲያ አንቺ በዚህ ጥያቄ ዳኛ መሆን ትችያለሽ? ካልቻልሽ ለሌላ ልስጠው፤ አላፍርብሽም። የነዚህ ልጆች ማለፍና መውደቅ ግን በአንድ ነጥብ ነው።»

መምህርቷ ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ስትጽፈው ኖራለች፦ ማን ነው የሚናገረው? ለምን? ለማን? ታዲያ ምኑን እንመነው? አሁን ጥያቄው ዞሮ በራሷ ላይ መጣ። የምትናገረው ልጁ ናት። የምትናገረው አባቷን ለማዳን ነው። እንዲህ ያለ ምንጭ ተማሪ ቢያመጣላት ኖሮ አሳምራ ታብጠለጥለው ነበር።

«እኔው አርመዋለሁ» አለች። «አንቺ ደግሞ አንድ በአንድ እይልኝ።»

እሽጉን እንደገና ከላይ ጀመረች። የነጠቀቻትን ነጥብ «አያስተማምንም» ላለችው ተማሪ ስትመልስ ልቧን አመማት፤ ቢሆንም መለሰች። ፀሐይዋ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ እጇ ስትመጣ አንድ ጠማማ የእጅ ጽሑፍ ላይ ደረሰች፤ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

«ጸሐፊው የፋብሪካው ጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ የሚጽፈውን አስተዳደሩ ይፈቅድለታል። አንባቢዎቹ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ዓላማው እነሱን ማረጋጋት ነው። ስለዚህ ‹የተጎዳ የለም› የሚለውን አላምነውም። ስለ ደወሉና ስለ ሴቶቹ የጻፈውን ግን አምነዋለሁ፤ ምክንያቱም ፋብሪካውን አይጠቅምም፣ ‹ሥራችን አልተቋረጠም› ያለውንም ያፈርስበታል። እውነቱን ለሚፈልግ ሰው ሆን ብሎ ያስቀመጠው ይመስለኛል።»

መምህርቷ ደግማ አነበበችው። አንዴ ደግሞ። አራት ነጥብ ሰጠች፤ ግማሽ ሳትቀንስ።

መሪዋ በትከሻዋ በኩል አይታ «የመጨረሻዋ ግምት ናት፤ ነጥብ አታሰጥም» አለች።

«አውቃለሁ። አልሰጠሁባትም።»

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ጫማዋን እንኳ አላጠለቀችም። ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ የማቅለሚያው ክፍል አደጋ የደረሰ ለታ ሰው ሞቶ ነበር?»

ከስልኩ ውስጥ የቤታቸው ሬዲዮ በሩቁ ያንጎራጉራል።

«ማን ነገረሽ? የጎረቤታችን ባል ገብቶ አልወጣም፤ ሌሎችም ነበሩ። ሚስቱን ብቻዋን እንዳልተዋት ብዬ ከሷ ጋር በሩ ላይ አነጋሁ። አባትሽ የሞቱትን ስም ጽፎ ለአስተዳደሩ ሰጥቶ ነበር፤ ሰረዙበት። ‹እንግዲያው ሴቶቹን ተዉልኝ› ብሎ ለመናቸው። የማይረባ ነገር ስለመሰላቸው ተዉለት።»

«አንቺም ከሴቶቹ ጋር ነበርሽ?»

«አንቺም ነበርሽ እንጂ! አዝዬሽ ነበር እኮ። ጀርባዬ ላይ ለጥ ብለሽ ተኝተሽ ነበር፤ እስኪነጋ አልነቃሽም።»

መምህርቷ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳርፋ አለቀሰች። አባቷ «ይህቺን ድገሚያት» ሲላት በጆሮዋ ሰማችው፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ በባዶ እግሯ፣ ድምፅዋን አውጥታ ደገመችለት።