ሦስት ፈሳሽ በአርባ ደቂቃ

መምህርት ሓዳስ አፍንጮ በር አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ስታስተምር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ሱፐርቫይዘሩ አቶ ገብረዮሐንስ ክፍሏ ገብተው ነበር። ማጠቃለያው ላይ ሳትደርስ ደወል ተደወለ። «ሙከራው ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ምን ይዘው እንደወጡ ግን አንቺም እኔም አናውቅም» አሏት። በግምገማው ዳግም ከወደቀች አሥረኛ ክፍልን ለሌላ መምህር ታስረክባለች።

ስለዚህ ዕቅዷን ከባልደረባዋ ከክብረት ጋር ባዶው ላቦራቶሪ ውስጥ ሰዓት ይዛ ሞከረችው። አንድ ደቂቃ የሰጠችው ዕቃ ማደል አራት ፈጀ።

«ስምንት ፈሳሽ? የት ልትደርሺ ነው!» አለች ክብረት።

ሓዳስ ወደ አራት አወረደችው፦ ሎሚ፣ የሳሙና ውሃ፣ የጨው ውሃ፣ የአመድ ውሃ። ስም ለመጥራትና ለመረጋጋት ሦስት ደቂቃ፣ ለመነሻ ጥያቄ አምስት፣ ለዋናው ሥራ ከማደል እስከ መሰብሰብ ሃያ ሁለት፣ ለማጠቃለያ ስምንት፣ ለመጠባበቂያ ሁለት።

ሱፐርቫይዘሩ ዳግም በመጡበት ማክሰኞ ዕለት ግን የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በማስታወቂያ ረዘመና ልጆቹ ሰባት ደቂቃ ዘግይተው ገቡ። አቶ ገብረዮሐንስ ከኋላ ተቀምጠው ሰዓታቸውን አዩ። ሁለቱ መጠባበቂያ ደቂቃዎች ተበልተው አለቁ፤ አምስት ገና ይጎድላል። ከማጠቃለያው ትቁረጥ? ልትቆርጥ ዳዳትና ተወችው።

«የአመድ ውሃውን ተዉት! ቤዝ ለማየት ሳሙናው ይበቃናል» አለች። ከዋናው ሥራ አምስት ደቂቃ ቆረጠች።

መነሻ ጥያቄዋን ጻፈች፦ ሎሚና ሳሙና ሳትቀምሱ በምን ትለያላችሁ? ከዚያ ቡድኖቹ አሲድና ቤዝ የሚለየውን ቀይና ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት እየነከሩ መዘገቡ። አንዱ ቡድን ሳሙናውን ደፋ። «ከጎረቤት ተካፈሉ» ብላ አለፈች እንጂ አልቆመችም። ስምንት ደቂቃ ሲቀር ዕቃው ሁሉ ተሰብስቦ አልቆ ነበር።

ቁራጭ ወረቀት አደለች። «ቀይ ሊትመስ ቀለሙን ካልቀየረ ፈሳሹ ምንድን ነው?»

ልጆቹ የጻፉትን ሰብስባ ቆጠረች። ከአርባ ስድስቱ ተማሪዎች ሠላሳ አንዱ፣ አሲድም ቤዝም አይደለም ለማለት፣ «ገለልተኛ» ብለዋል።

«ሊያ፣ ሎሚው ቀይዋን ቀየራት?»

«አልቀየራትም ቲቸር።» ልጅቷ የመዘገበችውን አየች። «ግን ሰማያዊዋን ቀይ አድርጓታል... እንዴ፣ ስለዚህ አሲድም ሊሆን ይችላል! በሰማያዊዋም ማየት አለብን።»

ክፍሉ ጉምጉም ሲል ደወሉ ጮኸ።

ሓዳስ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ሄደች። «ሠላሳ አንድ ሰው ተሳስቷል» አለች፣ እንደሚቆጡ እየጠበቀች።

«ታዲያ ባለፈው ስንት ተሳስቶ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ይኸው ነው፤ ዛሬ ግን ታውቂያለሽ» አሉና የግምገማ ቅጹ ላይ ፈረሙ። «ሐሙስ መነሻሽ ምንድን ነው?»

«ይኸው ጥያቄ» አለች። አሥረኛ ክፍልም እሷው ዘንድ ቀረ።