የሰው ድርሻ

ሰርካለም መቀመጥ አታውቅም። ዘመሮ ከተማ ነርስ ናት። ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ማቀዝቀዣውን ትከፍታለች፣ መሶቡን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትከፍታለች። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቷ ስለሆንኩ የክዳኑ ኳኳታ ሁሉ ይደርሰኛል። ያደክመኛል ብል ይሻላል።

ከእናቷ ከእትዬ ጌታነሽ ጋር ለሁለት ነው የሚኖሩት። እሑድ እሑድ የሳምንቱን ቁሌት ትሠራለች፤ ለጾሙም ለፍስኩም እንዲሆን በዘይት። የየቀኑን ከፋፍላ በትንንሽ ዕቃ ታስቀምጥና ማታ አንዱን አውጥታ ሽሮ ወይም ምስር ትጨምርበታለች። ወጡ አይተርፍም። እንጀራው ነው ያስቸገራት። እሑድና ሐሙስ ትጋግራለች፤ አዲሱ ሲጋገር ከአሮጌው ሁለት እንጀራ ተርፎ ይገኛል፤ ቆይቶም ይሻግታል።

“ጤፍ ለዶሮ!” እያለች ግቢው ውስጥ ትንጎራደዳለች።

በሚቀጥለው ጋገራ ሁለት ቀነሰች። ሁለት ተረፈ። አንድ ደግሞ ቀነሰች። አሁንም ሁለት።

“ይቺ መሶብ ትወልዳለች እንዴ?” አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

በዚያው ሰሞን የእትዬ ጌታነሽ ቀሚስ ይሰፋቸው ጀመር። ሰርካለም ግፊታቸውን ለካች፣ ስኳራቸውን ለካች፣ ደማቸውን አስመረመረች። ምንም የለም። እናቴን በሽታ ሊነጥቀኝ ነው ብላ እንቅልፍ አጣች።

አንድ ማክሰኞ ሐሳብ አላሠራ ሲላት ለምሳ ሳይታሰብ መጣች። እናቷ ፊት ሩብ የማትሞላ እንጀራ ነበረች። እሳቸው ሌላውን ጠቅልለው ወደ መሶቡ ሲመልሱ ደረሰች።

“እማዬ፣ ምሳሽ ይቺ ናት?”

“ጠግቤአለሁ።”

“ይሄ የተጠቀለለውስ?”

“የሰው ነው።”

“የማን ሰው?”

“እኔ ምን አውቄ! ከጓሳ ተራራ ወርዶ፣ ብርድ መቶት የሚገባ አይጠፋም። ባዶ መሶብ ልክፈትለት? አንቺ ቀነስሽ። የሱን ከምነካ ከራሴ አነሳሁለት።”

ሰርካለም በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ትርፉን የቀነሰች መስሏት ስትቀንስ የኖረችው የእናቷን ጉርሻ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለሁለቱ የሚበቃውን ጋገረችና ሁለት ጨመረች። “ይሄ የሰው ነው፤ ያንቺን ግን ጨርሺ” አለች። ደንብም አወጣች፦ ሰው ካልመጣ፣ የሰው ድርሻ ሳይሻግት በሚቀጥለው ጋገራ ቀን ምሳ ላይ ፍርፍር ይሆናል፤ ለዚያ ምሳ ሌላ እንጀራ አይቆጠርም። ለሰው ከአዲሱ ጋገራ ሁለት ይተካል።

እስከ እሑድ ሰው አልመጣም። ሰርካለም ፍርፍሩን ሠርታ እናቷ ፊት አቀረበችና ወደ ማቀዝቀዣው ልትሄድ ዞረች።

እትዬ ጌታነሽ በሩን አዩ፣ ሳህኑን አዩ። “የሰው ድርሻ ብቻዬን አይወርድልኝም” አሉ። “ነይ ቁጭ በይ።”

ሰርካለም ፍርፍሩ እስኪያልቅ ተቀመጠች።