ግማሽ ዕድሳት

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ከአያት ወደ ኮተቤ ስመለስ ነው። ከእግሬ ሥር፣ ከሞተር ሳይክሌ ሆድ ውስጥ፣ ደረቅ ዱክ ዱክ። ነዳጅ ስሰጠው ይደበቃል፣ ስለቀው ብቅ ይላል። ሰማያዊውን ጭስ ለምጄዋለሁ፤ የታክሲ ሾፌሮች መስኮት እየዘጉ ሲሰድቡኝ እኔም መልስ አላጣም ነበር። ይህ ግን አዲስ ነገር ነው። 

ያኔ ሥራዬ ላሞችን ማዳቀል ነበር። ከኮተቤ እስከ አያት፣ ከዚያም ፈረንሳይ ከሚባለው ሠፈር በላይ እስከ እንጦጦ ገበሬዎች ድረስ፣ በናይትሮጅን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር በሞተር ሳይክል ይዤ እዞራለሁ። ሰዎች ፊት ለፊት ሲያገኙኝ «ዶክተር» ይሉኛል፣ ዞር ስል «ኮርማው መጣ» እያሉ ይስቃሉ። ላም ጠዋት ኮርማ ከፈለገች ከሰዓት በኋላ መድረስ አለብኝ፤ ካመለጠኝ ባለቤቱ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፣ በሚቀጥለው ደግሞ ሌላ አዳቃይ ይጠራል። ሞተር ሳይክሉ ከቆመ እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

ወሰን ሠፈር ወዳለው ጋራዥ ወሰድኩት። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ስልሳ የሚጠጋ፣ ከአፋቸው ቃል በግድ የሚወጣ ሰው ነበሩ። ረጅም ካቻቢቴ አንስተው ጫፉን ከሞተሩ አካል ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ከጆሯቸው ለጥፈው አዳመጡ። ከዚያ ሞተሩን አጠፉና ካንዴላውን ፈትተው፣ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሚሆን ዘይት ጠብ አድርገው፣ ማስነሻውን በእግር እንድረግጥ ነገሩኝ። ቅድም ልል የነበረው ማስነሻ አሁን ከበደኝ።

«ቫልቮላው አይደለም» አሉ። «ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል። ዘይቱ ክፍተቱን ስለደፈነው ነው የጠነከረብህ። ጭሱ ከዚያ ነው። ድምፁ ግን ሌላ ነው፤ መክፈት አለብን።»

በማግስቱ ስመጣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ካርቶን ላይ ተዘርግቷል። ፒስተኑን አንስተው አናቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። መቶ ይላል።

«ይህ ሲሊንደር ከአንዴም ሦስት አራቴ ተጠርቧል» አሉኝ። «ከዚህ በላይ የሚሰፋ ሥጋ የለውም፤ ከዚህ የሚበልጥ ፒስተንም አይሸጥም። ቶርኖ ቤት ወስደን አዲስ ካሚቻ ማስገባት ነው።» ካሚቻ የሚሉት ፒስተኑ የሚመላለስበትን የውስጥ ቱቦ ነው።

ቀጥለው ቢዬላውን ያዙ፤ ፒስተኑን ከታች ከሚሽከረከረው ኮሎ ጋር የሚያገናኘውን ብረት። ወደ ጎን አወዛወዙት። «እንዲህ ቢንቀሳቀስ ግድ የለም፣ እንዲያውም መንቀሳቀስ አለበት።» ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት፤ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ትንሽ ነገር ናት፣ የወረቀት ውፍረት ታህል ይሆናል። «እንዲህ ግን ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። ድምፁ ይኸው።»

በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሂሳቡን ጻፉልኝ። ካሚቻና ጥርብ ዘጠኝ መቶ። ፒስተን ከነፋሻው ሰባት መቶ ሃምሳ። ቢዬላ በፕሬስ ተገጥሞ ሺህ ዘጠኝ መቶ። የኮሎው ሁለት ኩሽኔታ አምስት መቶ። ማሸጊያው ጓርኒሲዮንና የዘይት ጎማዎች አራት መቶ ሃምሳ። የእጅ ሺህ ሁለት መቶ። አምስት ሺህ ሰባት መቶ ብር። አዲስ ሞተር ሳይክል ያኔ ከነታርጋውና ከነኢንሹራንሱ ሃያ ሦስት ሺህ ነበር።

«እኔ ብሆን» አሉ እጃቸውን በቤንዚን እየታጠቡ፣ «በአራት ሺህ አምስት መቶ እንዳለ ለዕቃ እሸጠውና አዲስ እገዛለሁ። ሞተሩን ብታድሰው በዓመቱ የፊት ጎማው ሹካ ይመጣል፣ ፍሬኑ ይመጣል፣ ሽቦው ይመጣል። ከሠራኸው ግን ሙሉውን ሥራው። ግማሹን አትንካ። ላዩ አዲስ ሲሆን ጉልበቱ ይጨምራል፤ ያን ጉልበት የሚሸከመው ያ ያረጀው ቢዬላ ነው። ይበጠሳል።»

ባንክ ውስጥ ሃያ አራት ሺህ ብር ነበረን። ለኮንዶሚኒየም ቅድሚያ ክፍያ ባለቤቴና እኔ በስንት ጭቅጭቅ ያጠራቀምነው ነው። ዕጣው በወጣ ቀን ቅድሚያውን ያልከፈለ ቤቱን ያጣል እየተባለ ይወራ ነበር፤ ባለቤቴም ሬዲዮ ላይ ስለ ዕጣ በተወራ ቁጥር እጇን ከሥራ ታነሳ ነበር። አዲስ ሞተር ሳይክል ማለት ያ ሁሉ አለቀ ማለት ነው።

ሰውዬው የነገሩኝን ያለማመኔ ግን ከገንዘቡ ብቻ አልመጣም። ሥራ የሚገፋ ጋራዥ አይቼ አላውቅም። እኛ ሠፈር ጋራዥ የሚታወቀው ያልተበላሸውን በመፍታት ነው፤ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ብር እጁ ሊገባ የነበረ ሰው «ተወው፣ አዲስ ግዛ» ሲል ነገሩ ሸተተኝ። ሳጣራም የእህታቸው ልጅ መገናኛ አካባቢ አዲስ ሞተር ሳይክል እንደሚሸጥ ሰማሁ። በቃ፣ ገባኝ አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ በራሴ ብልጠት ደስ አለኝ። ሲያጭበረብሩን ኖረው ኖረው፣ ቅን ሰው ሲመጣ የምናውቅበት ነገር ጠፍቶብን ነበር።

የተፈታውን ዕቃ በካርቶን፣ ቀሪውን ሞተር ሳይክል በጋሪ አድርጌ ልወስድ ስመጣ የከፈቱበትን ሂሳብ ጠየቅኳቸው። አልተቀበሉኝም። «ቢዬላውን ብቻ እንዳትረሳ» አሉኝ። ይህንንም ድራማ ነው አልኩ።

ኮተቤ ያገኘሁት ሌላው መካኒክ እንደኔ ቸኳይ ነበር። ቢዬላውን ነካ አድርጎ «ይሄ እኮ ገና ነው፣ ሌላ ዓመት ይሠራል» አለኝ። መስማት የምፈልገውን ነው ያለኝ፤ ስለዚህ ጎበዝ መካኒክ ነው። ኮሎው ሳይወጣ፣ ኩሽኔታው ሳይቀየር፣ ካሚቻውን፣ ፒስተኑንና ጓርኒሲዮኑን ብቻ በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ገጠመልኝ። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር አተረፍኩ ብዬ ለባለቤቴ ፎከርኩ።

ሞተሩም አላሳፈረኝም። ጭሱ ጠፋ። የእንጦጦን ዳገት ናይትሮጅኑን ከኋላ ጭኖ ማርሽ ሳይቀንስ ይወጣው ጀመር። ወሰን ባለው በዚያ ጋራዥ ፊት ሳልፍ ሆን ብዬ ነዳጅ እሰጠው ነበር። ሰውዬው ቀና ብለው ያዩና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

በአራተኛው ወር ድምፁ ተመለሰ። አሁን ዱክ ዱክ አይደለም፤ መዶሻ የያዘ ሰው ውስጡ ገብቶ በሩን ክፈቱልኝ የሚል ነው የሚመስለው። ሞተሩ ሲሞቅ ይብሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ከእንጦጦ ስወርድ ሁለት ጣቴን ከፍሪሲዮኑ ላይ አላነሳም ነበር፤ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ቢል የኋላ ጎማውን ለማስለቀቅ። ቁልቁለቱን እያንዳንዷን መታጠፊያ እየቆጠርኩ፣ በየገደሉ አፍ ላይ እየተሳቀቅኩ እወርዳለሁ። ሰውዬው እውነታቸውን እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ያሰብኩት ከጣጣው እንዴት እንደምወጣ ነው።

የማርሽ ሳጥን ወፍራም ዘይት ገዝቼ ሞላሁበት። መካኒኮች የሚያውቁት ተንኮል ነው፤ ወፍራም ዘይት ለጥቂት ሳምንት ድምፅ ያፍናል። ሰልባትዮውን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ ቀይ ቀለም አስቀባሁ። ገዢ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ከፈረንሳይ በላይ ባለ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ወሰን ቤት የተከራየ ወጣት መምህር ነው። ባለቤቱ እርጉዝ ነበረች፤ በታክሲና በእግር ተመላልሶ ቤቱ ሲደርስ እየመሸበት ተቸግሯል። ማለዳ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንዲመጣ ቀጠርኩት።

«መካኒክ ይዤ ልምጣ እንዴ ዶክተር?» አለኝ።

«እንደፈለግክ» አልኩት። «ሞተሩ ግን አዲስ ነው፤ ካሚቻና ፒስተን በቅርቡ ነው የተቀየረው።» ደረሰኙን አሳየሁት። ደረሰኙ እውነተኛ ነው።

«እርስዎ ካሉኝ ምን መካኒክ ያስፈልጋል» አለና ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብር ቆጥሮ ሰጠኝ።

አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛሁ፤ የጎደለውን ከባንክ አወጣን። ማታ ማታ እራት ላይ ሂሳቡ ራሴ ውስጥ ይዞር ነበር። ያኔ እንዳለ ብሸጠው የማገኘው አራት ሺህ አምስት መቶና፣ አሁን የዕድሳቱ ወጪ ተቀንሶ የተረፈኝ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ሲተያዩ፣ ልዩነቱ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እንጦጦ በወጣሁ ቁጥር ከፊቴ ቀይ ሞተር ሳይክል ሲመጣ ጠርዝ ይዤ እቆማለሁ፤ መምህሩ እጁን እያወዛወዘልኝ ያልፋል። ድምፁን ለመስማት ጆሮዬን አቀናለሁ። ይሰማኛል። አንድም ቀን አላስቆምኩትም። ሳምንታት እንዲህ አለፉ።

አደጋውን የነገሩኝ እንጦጦ ላም ያላቸው ሴት ናቸው። መምህሩ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ለቆ፣ ሞተሩ እየጮኸ ሲወርድ ነው አሉ፤ አንድ ነገር ተሰብሮ ጎማው ቀጥ አለበት። ባሕር ዛፉ ባይዘው ገደል ነበር። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ላሟን ሳላዳቅል እጄን ታጥቤ ተመለስኩ፤ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ቤቴ መጣ። በክራንች ነው። ሲያንኳኳ ባለቤቴ ከፈተችለት፣ ወንበር አቀረበችለት፣ ሻይ ቀዳችለት። ሊከሰኝ የመጣ መሰለኝ። ሚስቱ ወንድ ልጅ መውለዷን ነገረን፤ ስለ ልጁ ስም ከእሷ ጋር እየተጨቃጨቁ እንደሆነ እየሳቀ አወራን። ከዚያ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

«ዶክተር፣ ላማክርዎት ነው የመጣሁት» አለ። «ሞተሩን ላሠራው ወይስ ሸጬ ሌላ ልግዛ? ብር የለኝም፤ ግን ያለ እሱ ወደ ሥራ መመለስ አልችልም። እርስዎ በዚህ መንገድ አልፈዋል።»

ወረቀቱን ተቀበልኩትና መጻፍ ጀመርኩ። ካሚቻ፣ ፒስተን፣ ጓርኒሲዮን። እጄ ከዚያ በላይ አልሄድ አለ። እሱ አጎንብሶ ይጠብቃል። ሦስተኛው መስመር ሥር «ቢዬላ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ።

መምህር ነውና ጥያቄው ቶሎ መጣ። «እኔ ስገዛው ይሄ አልተቀየረም ነበር?»

«አልተቀየረም።»

«የተሰበረው እሱ ነው ብለውኛል ጋራዥ» አለ በዝግታ። ሻዩን ሳይቀምሰው ገፋ አደረገው። «መቀየር እንዳለበት ያውቁ ነበር?»

ባለቤቴ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እሷም አታውቅም ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እንደነበረ አጣጠፈው። ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ አልያዘውም፣ በሦስተኛው ራሱ ተነሳ።