ወስፌ በየትኛው ምድብ ትወርውር?

ጫማ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ ወስፌ ይላታል። ወስፌ ቆዳ መብሻ ነው፤ ስሙ የወጣላት ግን ከመሣሪያዋ ይልቅ በምላሷ ነው። አንድ ደንበኛ «ይህ ሶል ስንት ጊዜ ይቆይልኛል?» ቢላት፣ እሷው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና «እንዳንተ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ዕድሜ ልክ» ያለችውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የግድግዳ ለሳኝ ረዳት ነበረች። የቆመችበት የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ አከርካሪዋ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከደረቷ በታች ያለው አካሏ አይሰማትም፣ አይታዘዛትምም። እጆቿ ግን ሙሉ ናቸው። ጫማ መስፋትን የተማረችው ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው።

ሥራው አንድ ችግር ነበረበት። ሁለቱም እጆቿ ሥራ ሲይዙ ገላዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝላት የለም። ክር ስትስብ ወደ ፊት ትደፋለች፤ መዶሻ ስታነሣ ወደ ጎን ታዘነብላለች። ስለዚህ ከወፍራም ቆዳ መታጠቂያ ሰፋች፤ ብየዳ የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ በመሃሉ ስስ ብረቶች አስገባላት። ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ይደርሳል፣ ከሸሚዟ ሥር ይታሠራል። እሱን ስትታጠቅ እንደ ግድግዳ ቀጥ ትላለች። ከወንድሟ በቀር ማንም አያውቅም። ሰው «እንዴት ቀጥ ብላ ትቀመጣለች!» ሲል መስማት ትወድ ነበር። አልፈርድባትም። ለዓመታት «እኔን» ሲባል የኖረ ሰው አንዲት የሙገሳ ቃል ብታገኘው አይጥላትም።

አሎሎ መወርወር የጀመረችው በሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የመወርወሪያ ወንበሩን የበየደላት ያው ወንድሟ ነው። ወንበሩ ከመሬት ጋር ይታሠራል፣ እግሮቿ ከወንበሩ ጋር ይታሠራሉ፣ በግራ እጇ አንድ የቆመ የብረት ምሰሶ ትይዛለች፣ በቀኟ ትወረውራለች። በመጀመሪያው የአገር ውስጥ ውድድር አንድ አሠልጣኝ ከሩቅ አያት። ያንን መታጠቂያ ከሸሚዟ ሥር ታጥቃ ቀጥ ብላ ስለተቀመጠች ምድብ አምሳ አምስት ብሎ ጻፋት። ይህ ምድብ እግራቸው ባይሠራም የሆድና የጀርባ ጡንቻቸው የሚሠራላቸው ሰዎች ምድብ ነው።

አራት ዓመት ከእነሱ ጋር ወረወረች። ስድስተኛ ወጣች፣ ሰባተኛ ወጣች፣ አንድ ጊዜ አምስተኛ። ሌሎቹ ወደ ኋላ ተለጥጠው በሙሉ ገላቸው ወደ ፊት ሲወረውሩ እሷ ያላት ክንዷ ብቻ ነበር። እሷ ግን ጥፋቱ የስንፍናዬ ነው አለች። ልምምዱን እጥፍ አደረገችው፣ ትከሻዋ እስኪያብጥ።

ከዚያ የዓለም አቀፍ ውድድር ዕድል መጣ። እዚያ ለመወርወር ምድብ በሚሰጡ ሁለት መዳቢዎች ፊት ቀርቦ መመርመር ግድ ነው። ምርመራውን ያላጠናቀቀ አይወዳደርም።

ክፍሉ ከስታዲየሙ ጀርባ ነው፤ አንድ የምርመራ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ። ከመዳቢዎቹ አንዷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ሁለተኛው የቀድሞ የውርወራ አሠልጣኝ ነው። አንድ አጃቢ ስለሚፈቀድ ወንድሟ አብሯት ገባ።

«ከላይ ያለውን ልብስሽን አንሺልኝ» አለች ባለሙያዋ። አየች። «ይህንንም መታጠቂያ ፍቺው።»

«እሱ ልብሴ ነው።»

«ብረት ያለው ልብስ?» አለ ሰውየው።

«የኛ ሰፈር ብርድ ይበረታል።»

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ፍቺው በቃ» አላት።

«አንተ ብየዳህን በይድ!» አለችው። ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «ከፈታሁት እወድቃለሁ።»

«እንይዝሻለን። መውደቅሽን ማየት ነው ሥራችን።»

«አይታችሁ ዝቅ ያለ ምድብ ልትሰጡኝ! ደካሞች መሃል ገብቼ ባሸንፍ ምን ማሸነፍ ነው?»

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ወንበሯን ስባ ከፊቷ ተቀመጠች። «ስሚኝ። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትለማመጂ አልጠየቅኩሽም። ጎበዝ መሆንሽን ብመዝን ስለ ጉብዝናሽ መቅጣት ይሆንብኛል። እኔ የማየው አደጋው ምን እንደወሰደብሽና ያ ውርወራሽን ምን ያህል እንደሚነካው ነው። ያንኑ ያህል ከተወሰደባቸው ጋር አስቀምጥሻለሁ። ከዚያ በኋላ በመካከላችሁ የሚቀረው ልዩነት የክንድ፣ የልምምድና የብልሃት ነው።»

«ቁጥሩ ማዕረግ አይደለም» አለ ሰውየው። «የሆድ ጡንቻ ያላት ሴት ስትበልጥሽ የበለጠችሽ እሷ ናት ወይስ ሆዷ? አንቺም አታውቂ፣ እሷም አታውቅ። ደግሞ እወቂው፤ ጉልበቱንም ሆነ ድካሙን ሆን ብሎ የሚደብቅ ሰው ይታገዳል። አሁን ነግረንሻል።»

ወስፌ የመታጠቂያዋን ጠፍሮች አንድ በአንድ ራሷ ፈታች። ወንድሟ ሊያግዛት ቢጠጋ እጁን መታችው።

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት። «እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ። ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በይና ተመለሺ።» ዘንበል አለች፤ አልተመለሰችም። የባለሙያዋ እጅ ትከሻዋን ያዛት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላም እንደዚያው። በጀርባዋ አስተኝተው ራሷን ቀና እንድታደርግ አዘዟት፤ በባለሙያዋ ጣቶች ሥር የሆዷ ጡንቻ አልተነሣም። ትከሻዋ፣ ክርኗ፣ ጣቶቿ ሲፈተኑ ግን ሁሉም ሙሉ ውጤት አገኙ።

ወንድሟ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነበር።

«ምን ታያለህ እዚያ?» አለችው። «ወደዚህ ዙር። የሚያሳፍረኝ ያንተ አለማየት ነው።»

ዞረ።

ከዚያ በመወርወሪያ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ስትወረውር አዩአት። ምድብ አምሳ አራት ሰጧት፤ እጃቸው ሙሉ ሆኖ ገላቸውን ማዘዝ የማይችሉ ሰዎች ምድብ ነው። እሱም የሚጸናው በውድድሩ ላይ ዳግመኛ ካዩአት በኋላ መሆኑን ነገሯት።

በውድድሩ ቀን ሁለቱ መዳቢዎች ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ነበር። ወስፌ ዳኞች አይተው ከፈቀዱት የወንበሩ ማሠሪያ በቀር ምንም አልታጠቀችም። ተራዋን ስትጠብቅ ሌሎቹን አየች። ስምንት ሴቶች ናቸው። ሁሉም በአንድ እጃቸው ምሰሶውን የሙጥኝ ብለዋል፤ ሁሉም አሎሎው ከእጃቸው ሲወጣ ይንገዳገዳሉ። እንደሷ የሚወረውር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከሁሉም የገረመቻት አንዲት ቀጭን ሴት ናት። ክንዷ የወስፌን ግማሽ አይሆንም፤ አሎሎዋ ግን ከሁሉም አንድ ሜትር አልፎ አረፈ።

ወስፌ በሦስተኛዋ በአሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ተበልጣ አራተኛ ወጣች። ምድቧም ጸና።

ወንድሟ «አራተኛም እኮ ደኅና ነው» አላት።

«አታባብለኝ። ቀጭኗን አየሃት?»

«ምኗን?»

«ምሰሶውን እንደኔ ለመደገፍ አትይዘውም። ዝቅ አድርጋ ትይዝና ስትወረውር ወደ ራሷ ትስበዋለች። ጉልበቱን የምታመጣው ከዚያ ነው።» ትንሽ አሰበች። «አራት ዓመት ሙሉ ስሸነፍ ምን እንደበለጠኝ አላውቅም ነበር። ዛሬ የበለጠኝን አየሁት። ይማሩታል እንጂ አብረውት አይወለዱም።»

ወንድሟ ሳይገፋት ወንበሯን ራሷ እየገፋች ወደ ቀጭኗ ሴት ሄደች።

«እህት ዓለም፣ እስቲ አያያዝሽን አሳዪኝ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «በሚቀጥለው ልታሸንፊኝ?»

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?» አለች ወስፌ።

ሴትዮዋ የመወርወሪያ ወንበሯን ምሰሶ ዝቅ አድርጋ ያዘችላት።