እስከ ሦስተኛው እጥበት

ምራቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው ሰላም ስትል ዓይኗ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፀጉሩ ነው። ልጄ መጀመሪያ ቤት ያመጣት ቀን ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ፣ «እማዬ፣ ሻሽዎን በጣም አጥብቀው ነው የሚያስሩት፤ ፀጉርዎን እየበላው ነው» አለችኝ። ደፋር ናት አልኩ በልቤ። ያየችውን መዋጥ የማይሆንላት ሰው መሆኗን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ጣጣው የጀመረው ከእጇ ነበር። መጀመሪያ በጣቶቿ መሐል አሳከካት። ከዚያ ቆዳው ተሰነጣጠቀ። በኋላ ጭራሽ፣ ሽበት የሚያጠቁረውን ቀለም በነካች ማግስት እጇ እስከ አንጓው ያብጥ ጀመር። ጓንት ታደርጋለች፤ ሲያጥቡ የሚፈናጠቀው ግን ክንዷን ያገኘዋል። ሐኪሙ አገላብጦ አያትና፣ «ከዚህ ቀለም ጋር መለያየት አለብሽ» አላት።

መለያየት በአፍ ቀላል ነው። ወደ ፀጉር ቤቱ ከሚመጡት ሴቶች የሚበዙት ሽበታቸውን ለማጥቆር ነው የሚመጡት። የቤቱ ባለቤት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን ያሏት ወንበሮች ጥቂት ናቸው።

«አንቺ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለቻት። «ደንበኛ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ቀለም አልነካም ብትያት ተነሥታ ትሄዳለች። እስከ ወሩ መጨረሻ መላ ፈልጊ። ካጣሽ ወንበሩን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ያን ቀን ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ ሻይ ቅጠሉን ከነቆርቆሮው ከመደርደሪያ አወረደች።

«እማዬ፣ ራስዎን ያውሱኝ። ቆዳ የማያስቆጣ ቀለም ከጓዳ ልፈልግ ነው።»

ፀጉሬ ጥጥ ነው፤ አንድም ጥቁር የለበትም። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ራስ ከየት ይገኛል? አወስኳት።

ከሻዩ በፊት ግን ቀይ ስር ተሞከረ። ያመጣችው የልጅ ልጄ ናት፤ ከንፈሯን ስትቀባበት አምሮባት ስለነበር። ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ ራሴ ላይ ፈሰሰ። ፎጣው ሲነሣ ልጅቷ መሬት ላይ ተንከባለለች።

«አያቴ ከረሜላ ሆናለች!»

እውነትም ሐምራዊ ሆኛለሁ። ደግነቱ በማግስቱ በመጀመሪያው ውሃ ሄደልኝ። ሌሊቱን ትራሴ ላይ የተጋባው ግን ከራሴ ላይ ከነበረው የባሰ ነበር። «ቀይ ስር ለከንፈር ይሁን፤ ያውም ውሃ እስኪጠጡ ድረስ» አለች ምራቴና ተወችው።

ቡናው ቀጠለ። አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ከነአተላው ቀባችኝ። ፀጉሬ ቡኒ ቢጤ ሆነ፤ ግን እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ሳሳ ያለ። ግንባሬና ጆሮዬ ከፀጉሬ የበለጠ ያዙ። ልጄ ከሥራ ሲገባ አየኝና፣ «እናቴ፣ ጭቃ ውስጥ ወድቀሽ ነው?» አለኝ።

ሻዩ ሌላ ነው። ሻይ ቅጠሉን አብዝታ፣ ጥቁር እስኪል አፈላችው። ለብ ሲል ሳፋ ላይ ጎንበስ አደረገችኝና አንቆረቆረችብኝ። ሳፋው ውስጥ የወረደውን እየቀዳች ደግማ ደጋግማ አፈሰሰችብኝ። በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ አቆየችኝ፤ ከዚያ ያለ ሻምፖ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቀችኝ። መስኮት አጠገብ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

«ጠቆረ?» አልኳት።

«አልጠቆረም። ነጩ ረገበ።»

የደረቀ ሣር መልክ ይዟል። ሰው ካልነገሩት አያውቀውም። በመጀመሪያው እጥበት ትንሽ ቀነሰ። በሁለተኛው ሳሳ። ከሦስተኛው በኋላ መስኮቱ ጋ ስታቆመኝ ጥጤ ተመልሷል።

ያን ጊዜ ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሽበቷን ልትደብቅ የመጣችን ሴት ‹ረገበልሽ› ብዬ ልሸኛት ነው?» አለች። በማግስቱ ግን ከፀጉር ቤቱ ወለል የተጠረገ፣ ቀለም የጠጣ ጥቁር ፀጉር በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ከእኔም ቆረጠች። ሁለቱን ሻይ ውስጥ ነከረች። ጥቁሩ ላይ ምንም አልታየም፤ የኔው ረገበ። አድርቃ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ ያልተነከረ ነጭ። ብዙ አየቻቸው። ምን እንዳየች አልነገረችኝም፤ ፊቷ ግን ተለወጠ።

በወሩ መጨረሻ አካባቢ ሲስተር ወደ ፀጉር ቤቱ መጣች። በሆስፒታል የነርሶች አለቃ ናት፤ ለዘመናት ፀጉሯን ስታጠቁር የኖረች። በመጨረሻው ጊዜ ቀለሙ ዓይኗን እስኪደፍን አሳብጧት ተወችው። አሁን ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ወጥቷል፤ ከዚያ በታች ከሰል ነው። ምራቴ ባለፈው ቀን ከጆሮዋ ጀርባ ሻይ ቀብታ ልካት ነበር፤ ቆዳዋ አልተቆጣም። እኔም ለናሙና ተጠርቼ፣ ሻይ የጠጣ ራሴን ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ።

«ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን አያይም» አለች ሲስተር። «መሐል አናቴን ነው የሚያየው። በሽተኛው እንኳ መርፌውን ትቶ እሱን ያያል። ተላጪው አሉኝ፤ አልላጭም።»

«ማን ሊላጭሽ! ቁጭ በይ» አለች ምራቴ።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከኋላችን ፎጣ ታጥፋለች። አንዱን ፎጣ ሦስት ጊዜ ስታጥፍ አይቻታለሁ።

«ሻዩ ስንት ጊዜ ይቆይልኛል?» አለች ሲስተር።

«ይቆያል እንጂ!» አለች ባለቤቷ ከወዲያ ሆና። «ወር ቢሉ ወር!»

ምራቴ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች። ይህች ሴት ተነሥታ ከወጣች ወንበሩ አብሯት ይወጣል። እኔ ጥግ ሆኜ ቢያንስ ዝም በይ እያልኩ በልቤ እለምናታለሁ።

«አይቆይም፣ ሲስተር» አለች። «ሻምፖ ሲነካው ይሳሳል። ሦስተኛው ላይ የለም። ደግሞም አያጠቁርም።»

«ታዲያ ሻይ ልጠጣ ነው የመጣሁት?»

«ስሚኝ። ያስጠላሽ ሽበቱ አይደለም፤ ድንበሩ ነው። ነጩና ጥቁሩ የተገናኙበት። ሻዩ ነጩን ሲያረግበው ድንበሩ ይደበዝዛል። ያንቺ ፀጉር ከሥር እየመጣ ነው፤ በመጣሽ ቁጥር ከታች ጥቁሩን አሳጥርልሻለሁ። ጥቁሩ ያለቀ ቀን ሻዩም በቃ።»

«የማይለቅ ቢሆን አይሻልም ነበር?»

«የማይለቅ ቢሆን አዲሱ ነጭ ሲበቅል ሌላ ድንበር ሠርቶ ይጠብቅሽ ነበር። ይኸው የሸሸሽው እሱን አይደል?»

ሲስተር መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ፣ እማማ፣ ይሄ ሻይ ነው?»

«ሻይ ነው፣ የኔ ልጅ። ነገ እታጠባለሁ፤ ከነገ ወዲያ ብታዪኝ ይህን አታገኚውም።»

ሳቀች። «እንግዲህ ሐቀኞች ናችሁ፤ አፍዪው!»

ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ ፈሰሰ፣ ተጠቀለለ። ጫፉ ሲቆረጥ ጥቁሩ ወለል ላይ ወደቀ። ፎጣው ሲነሣ ተአምር አልነበረም። ቀርቦ ላየው ነጩ አለ። ግን ያ በቢላ የተቆረጠ የሚመስለው መስመር ሟሙቷል። ሲስተር ወደ በሩ ሄዳ፣ ከዚያ ሆና መስታወቱን አየች። ተመልሳ መጥታ ቀጠሮ ያዘች።

ሲስተር ሻዩ ሲለቅ ተመልሳ መጣች፤ ከሥራ ባልደረቦቿ አንዲቱን፣ እንደ እሷ ቀለም የማይስማማትን፣ አስከትላ። ያን ጊዜ ባለቤቷ ከምራቴ መስታወት ሥር የነበሩትን የቀለም ጠርሙሶች አንድ በአንድ አንሥታ ወደ ሌላ መደርደሪያ ወሰደች። ባዶውን ቦታ በጨርቅ ወልወል አደረገችው።

«ማንቆርቆሪያሽን እዚህ አድርጊ» አለች። «ፎጣዎቼን ግን ሻይ በሻይ አድርገሽ እንዳላይ። የራስሽን አሮጌ ከቤት አምጪ።»

ምራቴ አመጣች። የእኔን ፎጣ ነው የወሰደችው፤ ሳትጠይቀኝ።